«እና» ነው ወይስ «ወይም»?

«ነርሷ ሙሉውን መመሪያ ታንብብ። በቀስት እየተመራች የምትሠራ ነርስ ማሰብ ታቆማለች። መመሪያው እንደሆነ በየጤና ጣቢያው አለ።»

ይህን የተናገሩት ለሱፐርቪዥን የመጡ ኃላፊ ናቸው። በማግስቱ፣ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት ከምንለይበት የልየታ ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ የነበረው፣ በሣጥንና በቀስት የሚመራ የአንድ ገጽ ፍሎቻርት ተነሣ፤ የፕላስተሩ ምልክት ብቻ ቀረ። ወረቀቱን ካዘጋጁት አንዱ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጨረሻው ቃላቸው ልጀምር። መመሪያው አለ? አለ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ቢሮ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ካለፈው ዓመት የሪፖርት ፎርም ሥር ተኝቷል። ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥስ? ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወረፋው ከካርድ ክፍሉ መስኮት ተነሥቶ በሩን አልፎ ግቢው ውስጥ ይጠማዘዛል። ሲስተሯ ለየትኛዋ እናት ነው «አንድ ጊዜ ቆዪኝ፣ ገጹን ላውጣ» የምትለው? በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ድንገተኛ ልየታ ሥልጠና ላይ የአደጋ ምልክት የሌለበትን ሕፃን መለየት በአማካይ 20 ሰከንድ ይወስዳል ተብሎ ተጽፏል። በ20 ሰከንድ ማውጫው እንኳ አይገለጥም። «አለ» ማለት ወንዝ ማዶ ያለ እንጀራም አለ እንደማለት ነው።

ደግሞስ ቀስት ውርደት ከሆነ፣ ነርሶቻችን የሕፃናት ሕክምና የተማሩበት የአይ ኤም ኤን ሲ አይ መጽሐፍ ምንድን ነው? ሮዝ ከሆነ በአስቸኳይ ላክ፣ ቢጫ ከሆነ እዚሁ አክም፣ አረንጓዴ ከሆነ መክረህ ሸኝ የሚል የቀለም ሰንጠረዥ አይደለም እንዴ? ፓክ ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ መመሪያ ተወስዶ ለአገራችን የተዘጋጀው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ መመሪያስ በየሕመም ምልክቱ ገጽ ላይ አስቸኳይ ትኩረት የሚሹትን ለይቶ በሣጥን አያስቀምጥም? መጽሐፉን ከልብ ያነበበ ሰው ቀስት አይንቅም።

አሁን ወደ ዋናው፣ «ማሰብ ታቆማለች» ወደሚለው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ረጅም ጽሑፍ ነው አለማሰብን የሚሸፍነው። በአንቀጽ ውስጥ «የልጁ እጅ መቀዝቀዝ፣ የደም መመለስ መዘግየትና የልብ ምት መድከም ይታይ» ተብሎ ሲጻፍ ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። ያው ነገር ሣጥን ውስጥ ሲገባና ከሣጥኑ ሁለት ቀስት ሲወጣ፣ አንዱ «አዎ» ሌላው «አይ» ሲባል፣ ድንገት አንድ ጥያቄ ይፈነዳል፤ ሦስቱም መሟላት አለባቸው ወይስ አንዱ ይበቃል? «እና» ነው ወይስ «ወይም»?

እኛ በመጀመሪያው ወረቀታችን «ወይም» ብለን ጻፍን። አወቅን ብለን ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። በዚያ ብርድ በጠዋት፣ ዝናብ ላይ አንድ ሰዓት ተጉዞ ከመጣ ሕፃን እጁ የማይቀዘቅዝ የቱ ነው? እጁን የነካች ሁሉ «አዎ» እያለች ወደ ድንገተኛ ክፍል ላከች። እዚያ ያሉት ሁለት አልጋዎች ከ3 ሰዓት በፊት ሞሉ፤ አልጋ ላይ ያሉት ግን ጉንፋን የያዛቸው ናቸው። የጤና መኮንኑ መጥቶ «ምን ነካችሁ?» ሲለን የልየታ ሥልጠናውን መጽሐፍ እንደገና ከፈትን። የተጻፈው ሌላ ኖሯል። ልጁ በሾክ ላይ ነው፣ ማለትም ደሙ ለሰውነቱ በበቂ አይደርስም የሚባለው እጁ ቀዝቅዞ፣ ጥፍሩን ተጭነን ስንለቀው ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ሲወስድ፣ የልብ ምቱም ደካማና ፈጣን ሲሆን ነው። ሦስቱም። እጁ ሞቃት ከሆነ እዚያው ማለፍ ነው፤ ጥፍር መጫንም አያስፈልግም።

ስለዚህ አንዱን ሣጥን ወደ ሦስት ደረጃ ሰበርነው። እጁን ንኪ፤ ሞቃት ነው? እለፊ። ቀዝቃዛ ነው? ጥፍሩን ተጭነሽ ልቀቂ፣ ቁጠሪ። ዘገየ? የልብ ምቱን ዳስሺ። ሦስተኛውም «አዎ» ከሆነ ተሸክመሽ ሩጪ። ወረፋው ያን ሳምንት ተስተካከለ። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ያሰበው ማን ነው? ነርሷ ናት፣ እኛ ነን፣ ጠረጴዛ ከበን፣ ሻይ እየጠጣን፣ እየተጨቃጨቅን። ቀስቱ ያንን ጭቅጭቅ ከሰኞ ጠዋት ወደ ዓርብ ከሰዓት አዛወረው እንጂ አላጠፋውም።

የባሰም አለ። የተቅማጥ ነገር «እና»ም «ወይም»ም አይደለም። ከባድ የውኃ እጥረት አለ ለማለት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ ይበቃሉ፤ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት፣ የዓይን መጎድጎድ፣ ሆዱ ላይ የተቆነጠጠ ቆዳ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ መውሰድ። ይህን «ከሦስቱ ሁለቱ» በአንቀጽ ውስጥ አምስት ጊዜ ያነበበ ሰው ስድስተኛ ጊዜ ይረሳዋል። እኛ ሦስት ትናንሽ ባዶ ሣጥኖች ሣልንና ከሥራቸው «ሁለት ራይት ካለ» ብለን ቀስት አወጣን። በቃ።

እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ጠዋት ላንሣ። አንድ ልጅ ጣቱን በምላጭ ቆርጦ ግቢውን በጩኸት አናውጦታል፤ ወረፋተኛው ሁሉ «እሱን አስቀድሙት» ይላል። ከኋላው አንዲት እናት ልጅ አዝላ ቆማለች። ልጁ 14 ወሩ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ነጠላ ተደርቦበታል። «ተቅማጥ ነው፣ ሁለት ቀኑ» አለች። የአይ ኤም ኤን ሲ አይ መጽሐፍ የተቅማጥ ምዕራፍ የሚጀምረው ስንት ቀን ሆነው፣ ደም አለው ወይ ብሎ ነው። ለምርመራ ክፍል ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ልጁ አልጋ ላይ ነው። ልየታ ላይ ግን ጊዜ ይበላል። የእኛ ወረቀት የመጀመሪያ ሣጥን ጥያቄ እንኳ አይደለም፤ «ልጁን ከአንቀልባው ያውርዱት፣ ፊቱን ይግለጡት» የሚል ነው። በየትኛውም መመሪያ ላይ አላየሁትም፤ ያለእሱ ግን የሚከተለው ሁሉ ከንቱ ነው። ነጠላ ሥር ያለን ልጅ አተነፋፈስ ማን ያያል?

ሲስተሯ አስወረደቻት። አተነፋፈሱ አይጨንቅም፣ ከንፈሩ አልጠቆረም። እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ የጥፍሩ ቀለም ግን ቶሎ ተመለሰ፤ ወደሚቀጥለው አለፈች። ሲጠሩት ዓይኑን ገልጦ መልሶ ከደነ። ተቅማጥ? አዎ። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ እንደ እጥፋት ቆሞ ቀረ። ሦስት ራይት። ቀጣዩ ሣጥን የክንድ መለኪያ ጥብጣቡን አምጪ ይላል፤ 13 ሴንቲሜትር። ተነሥታ እራሷ ተሸክማ ድንገተኛ ክፍል አደረሰችው፤ ካርዱን ዘበኛው በኋላ አወጣ። ጣቱ የተቆረጠው ልጅ ፋሻ ተደርጎለት ወረፋውን ጠበቀ፤ እናቱ ተቆጥታ ነበር።

የክንዱ ሣጥን እዚያ የገባው በስሕተት ተምረን ነው። ክንዱ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች የሆነ፣ በጣም የከሳ ልጅ ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለው ውኃ ሳይጎድለውም ቆዳው ቆሞ ይቀራል፣ ዓይኑም ይጎደጉዳል። ለእንደዚህ ያለ ልጅ ፈሳሽ በደም ሥር በጥድፊያ ማውረድ ልቡን ሊያደክመው ይችላል። ስለዚህ ቀስቱ እሱንም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይልከዋል፣ ግን «ከባድ ምግብ እጥረት» የሚል ቀይ ካርድ ይዞ። የፈሳሹ መጠን ወረቀቱ ላይ የለም፤ እንዲገባ የፈለጉ ነበሩ፣ አላስገባንም። የልየታ ወረቀት ሥራው በሩ ላይ ያልቃል። መጠን፣ መድኃኒት፣ የደረጃ ስም እየተጨመረበት የሄደ ፍሎቻርት ከሦስት ወር በኋላ ያው መጽሐፍ ሆኖ ቁም ሣጥን ይገባል።

እስትንፋስ ቆጠራ ላይም ተጣልተናል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ ግን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ልጁም ማልቀስ የለበትም። ይህን የመጀመሪያ ሣጥን ያደረገ ወረፋውን ይገድለዋል። የደረት መሰርጎድ ከሩቅ ይታያል፤ እሱ ይቅደም፣ ቆጠራው ምርመራ ክፍል ይሁን አልን።

«ማስረጃ አምጡ» ለሚሉ፣ ማላዊ ብላንታየር የሚገኘውን የንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል እጠቅሳለሁ። የሕፃናት ልየታና ድንገተኛ ክፍሉ እንደገና ሲደራጅ ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው ሞት ወደ 6 እስከ 8 በመቶ ወርዷል። ሕንፃውም አሠራሩም አብሮ ተቀይሯል፣ በወረቀት ብቻ አይደለም ትሉኛላችሁ። ይሁን። የእኛ ሕንፃ እስኪቀየር ወረቀቱን ለምን ታወርዳላችሁ?

አንድ ነገር ብቻ እሰጣቸዋለሁ። መመሪያ ሲታደስ ወረቀቱ ሳይታደስ ግድግዳ ላይ ይከርማል፤ አደገኛ ነው። መድኃኒቱ ግርጌው ላይ ቀንና ፊርማ ማስፈር ነው፤ ማውረድ አይደለም። ስለ ማሰብ ደግሞ፣ ወረቀቱን ከማንሣታቸው በፊት የመጨረሻውን ሣጥን ቢያነቡት ኖሮ «ምንም ምልክት ባታገኚም ልብሽ ካልረጋ አስቀድሚው» እንደሚል ያዩ ነበር።

ወረቀቱ አሁን ሲስተሯ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጠዋት ታወጣዋለች፣ መኪና ግቢው ሲገባ ትመልሰዋለች።