27 ኢንች ሞኒተር ላይ ፉል ኤችዲ የሚሰጥ ሰው ራሱ አንብቦበት ያውቃል?

እረ በናታችሁ ይሄ "ፉል ኤችዲ ነው እኮ" የሚባል መልስ ሰልችቶኛል! መስሪያ ቤት የሰጡኝ ሞኒተር 27 ኢንች ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፅሁፍ ሳነብበት ነው የምውለው፣ የፊደሎቹ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሰርቶ ይታየኛል፣ ትንሽ አነስ አድርጌ ስከፍተው ደግሞ ጩ ይሁን ጪ ለመለየት ወደ ስክሪኑ መጠጋት አለብኝ። ይቀየርልኝ ስል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ስልክህም ፉል ኤችዲ ነው፣ እሱ ጥርት ብሎ ይታይህ የለ?"

ችግሩ እኮ እሱ ነው! ፉል ኤችዲ ማለት 1920 በ1080 ፒክስል ነው፣ ስክሪኑ ስድስት ኢንችም ይሁን 27 የነጥቦቹ ብዛት ያው ነው፣ ስክሪኑ ሲሰፋ እያንዳንዷ ነጥብ ትተልቃለች። ከጥግ እስከ ጥግ ሲሰላ 2203 ገደማ ፒክስል ይመጣል፣ ይሄን ለ27 ስታካፍሉት በአንድ ኢንች 82 ነጥብ ብቻ ነው፣ ለስድስት ኢንች ስልክ ስታካፍሉት ግን 367። ፒፒአይ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ሰው ግን ሳጥኑ ላይ የተፃፈውን ሪዞሉሽን ብቻ አይቶ ይገዛል።

ከዛ ርቀት አለ። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመሀላቸው ቢያንስ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል ስፋት ሲኖር ነው፣ ከዛ በታች ከሆነ ይዋሃዱበታል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 8700ን ለፒፒአይ አካፍሉት፣ የሚመጣው ቁጥር ነጥቦቹ መታየት የሚያቆሙበት ርቀት ነው በሴንቲሜትር። የኔ ሞኒተር 106 ይመጣል፣ እኔ ደግሞ የምቀመጠው 60 ላይ ነው፣ ታዲያ እንዴት አይታየኝም?! ስልኩ 24 ይመጣል፣ ስልክ ደግሞ ብዙ ሰው ከ30 አልፎ ነው የሚይዘው ስለዚህ ነጥቦቹ ጠፍተዋል። በጣም ስለታም ዓይን ያለው ሰው ትንሽ ራቅ ብሎም ሊለይ ይችላል፣ ግን 106 እና 60 እኮ ለክርክር የሚቀርብ ልዩነት አይደለም።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ተጨማሪው ፒክስል ሁሌ የሚሄደው ማንም ወደማያየው ቦታ መሆኑ ነው። እዛው ቢሮ ስብሰባ ክፍል ውስጥ 55 ኢንች 4ኬ ቲቪ ተሰቅሏል፣ የሱ ነጥቦች ከ109 ሴንቲሜትር በኋላ አይታዩም፣ በጣም ቅርብ ያለው ወንበር ደግሞ ሶስት ሜትር ይርቃል! በዛ ርቀት እኮ ፉል ኤችዲ ቢሆን ራሱ ይበቃ ነበር ምክንያቱም የሱ ወሰን 218 ሴንቲሜትር ነው። አሁን ደግሞ በ8ኬ እንቀይረው እያሉ ነው፣ ማን ሊያየው?

እኔ 8ኬ አልጠየቅኩም። 27 ኢንቹ 4ኬ ቢሆን 163 ፒፒአይ ነው፣ 53 ሴንቲሜትር ላይ ነጥቡ ይጠፋል፣ እኔ ካለሁበት በቂ ነው። እሱ ይወደዳል ካላችሁ 2560 በ1440 ፒክስል ያለውን ስጡኝ፣ ወሰኑ 80 ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም ግን ካሁኑ በብዙ ይሻላል። እሱም ካልሆነ ያንኑ ፉል ኤችዲ በ22 ኢንች ቀይሩልኝ፣ ትንሽ ይሁን፣ ብቻ ፊደሉን ልለየው።