ማስተካከያ፦ ከ200 ሊትር በርሜል ስንት ባለ 0.75 ሊትር ጠርሙስ ፈሳሽ ሳሙና ይወጣል?

«200 ሊትር ለ0.75 ሲካፈል 266 ጠርሙስ ይወጣል።»

ብዙዎች የተጋሩት ይህ ስሌት ትክክል አይደለም። መልሱ 250 ነው።

ቧንቧው ከበርሜሉ ወለል ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ከሱ በታች ያለው ሳሙና አይወርድም። በርሜሉን ውሃ ሞልተን ስንለካው 8 ሊትር ቀረ። ስለዚህ የሚቀዳው 192 ሊትር ብቻ ነው። ከዚህም ላይ በሙሌት መዝገባችን መሠረት 2 በመቶው ይፈሳል ወይም ቱቦው ውስጥ ይቀራል። የሚተርፈው 188.16 ሊትር ለ0.75 ሲካፈል 250.88 ይመጣል። ጎዶሎ ጠርሙስ ደግሞ አይሸጥም።

በ266 ሂሳብ ትዕዛዝ የተቀበለ ሰው 16 ጠርሙስ ያጥረዋል። የአንዱን ዋጋ ሲያወጡም ወጪውን ለ250 ያካፍሉ። በርሜሉን አዘንብለው የሚቀዱ ከሆነ ግን የታችኛውን ቅሪት እንደገና ይለኩ።