ቀይ ሹፌር ይፈለጋል

ኧረ ጎበዝ፣ ዛሬ ካልጻፍኩት ልፈነዳ ነው።

ለአንድ አነስተኛ የጭነት ድርጅት ዳሽቦርድ እየሠራሁ ነው። ትእዛዙ አንድ መስመር ነበር፦ «በየትኛው መስመር የትኛው ሹፌር እንደሚያዘገይ በአንድ ገጽ ይታየን፣ የሚያዘገየው ቀይ ይሁን።» በቃ። መዘግየት ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሳይነጋገርበት ለጥፋተኛው ቀለም ተመርጦለታል።

እሺ፣ ዘገየ ከምን አንጻር? ለደንበኛው ከተነገረው ሰዓት ነዋ፣ ትላላችሁ። ያ ሰዓት እኮ ፋይሉ ውስጥ የለም! ደንበኛው ደውሎ ሲቆጣ ስምሪት ክፍል ያለው ሰው ይቅርታ ይጠይቅና የቀጠሮውን ሰዓት እዚያው ላይ ይለውጠዋል። አራት ሰዓት የነበረው ስድስት ሰዓት ይሆናል። ጭነቱ ስድስት ከአምስት ሲደርስ «በሰዓቱ» ተብሎ ይመዘገባል። ደንበኛው ሁለት ሰዓት ጠብቋል፣ ዳሽቦርዱ ግን አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ማንም የማይነካው የራሱ አምድ ይሰጠው አልኩ። የተለወጠው ሰዓት ሌላ አምድ ላይ ይጻፍ። ይህችን አንዲት አምድ ለማስፈቀድ የፈጀብኝ ክርክር ዳሽቦርዱን ለመሥራት ከፈጀብኝ ጊዜ ይበልጣል።

ከዚያ ደግሞ ድሮ የነበረው የኤክሴል ፋይል አለላችሁ። C የቀጠሮው ቀንና ሰዓት፣ D የርክክቡ ቀንና ሰዓት ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ ያለፈ ሁሉ ዘግይቷል ተብሎ 1 ይሰጠዋል፦

```
=IF(D2-C2>TIME(0,15,0),1,0)
```

ሲታይ ምንም አይልም። ግን ጭነቱ ጭራሽ ካልደረሰ D2 ባዶ ነው። ኤክሴል ባዶውን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፣ ልዩነቱ አሉታዊ ቁጥር ይሆናል፣ ውጤቱም 0። ማለትም አልዘገየም! ወይ ጉድ! በዚህ ሂሳብ ምንም ሳያደርስ የዋለ ሹፌር የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ነው። ያልደረሰው ጭነት እስካሁኗ ደቂቃ ድረስ እንዲቆጠር እንዲህ ለወጥኩት፦

```
=IF(IF(D2="",NOW(),D2)-C2>TIME(0,15,0),1,0)
```

በማግስቱ ዳሽቦርዱ ቀላ። «ምን ነክተህ ነው ያበላሸኸው?» ተባልኩ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት እሺ።

የርክክቡ ሰዓት ራሱስ ይታመናል? ሹፌሮቹ ስልካቸው ላይ «ተረክቧል» የሚል ቁልፍ አላቸው። ግማሾቹ በየደጁ አይነኩትም። ማታ መኪናውን ካቆሙ በኋላ የቀኑን ሁሉ ባንዴ ይጫኑታል። ይህን ለማወቅ ጥንቆላ አያስፈልግም፣ የአንድን ሹፌር ርክክቦች በሰዓት ቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አምስት ቦታ የደረሰ መኪና ካያችሁ ያ መኪና በራሪ ነው፣ ወይም ሰዓቱ ውሸት ነው። እንዲህ ያሉትን መዝገቦች ለይቼ «ሰዓቱ አይታወቅም» አልኳቸው። ዘገየም አልዘገየም ማለት ስለማይቻል። ይህም አልተወደደልኝም፣ ባዶ ቦታ ስክሪን ላይ አያምርም ተባለ።

ይሁን። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያንገበገበኝ ደረጃ ሰንጠረዡ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሹፌሮቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ፐርሰንት እንዲቀመጥ ነው የሚፈልጉት። ነገሩ እንዲታያችሁ ቁጥሮቹን አቅልዬ ላስቀምጥ። ሁለት መስመር አለ እንበል። አንዱ ለሱቆች የሚያደርስ ነው፤ ቆም ብለህ ካርቶን ታወርዳለህ፣ ትሄዳለህ። ሌላው ለትልልቅ መጋዘኖች ነው፤ በር ላይ ወረፋ አለ፣ ወረቀት አለ፣ የሚያራግፍ ሰው መጠበቅ አለ። ሁለት ሹፌሮች እያንዳንዳቸው 100 ጭነት አድርሰዋል። ወጣቱ 14 ጊዜ፣ አንጋፋው 33 ጊዜ ዘግይተዋል። በሥራ አስኪያጁ ሰንጠረዥ አንጋፋው ቀይ ናቸው፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

አሁን በመስመር ክፈሉት። ወጣቱ 90 ጊዜ ወደ ሱቆች ሄዶ 9 ዘግይቷል፤ 10 በመቶ ነው። ወደ መጋዘን 10 ጊዜ ሄዶ 5 ዘግይቷል፤ 50 በመቶ። አንጋፋው ደግሞ ወደ ሱቆች 20 ጊዜ ሄደው የዘገዩት 1 ጊዜ ነው፤ 5 በመቶ። ወደ መጋዘን 80 ጊዜ ሄደው 32፤ 40 በመቶ። አያችሁ? በሁለቱም መስመር አንጋፋው ይሻላሉ! ሲደመር ግን ከወጣቱ እጥፍ በላይ የዘገዩ ይመስላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስምሪት ክፍሉ ልምድ ስላላቸው ከባዱን መስመር ለእሳቸው ይሰጣል። ጎበዝ በመሆናቸው ቀይ ሆኑ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

መፍትሄው ደግሞ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። መጀመሪያ የመስመሩን አማካይ ታወጣለህ። ከላይ ባለው ምሳሌ በሱቆች መስመር ከ110 ጉዞ 10 ዘግይቷል፣ በመጋዘኑ ከ90 ጉዞ 37። ከዚያ በዚህ አማካይ የሚሠራ ሹፌር በእነዚህ መስመሮች ይህን ያህል ጊዜ ቢሄድ ስንት ይዘገይ ነበር ብለህ ታሰላለህ። ለአንጋፋው ወደ 35 ይመጣል፤ እሳቸው 33 ናቸው። ለወጣቱ ወደ 12 ይመጣል፤ እሱ 14 ነው። ዳሽቦርዱ ላይ መታየት ያለበት ይህ ልዩነት ነው። እሱም ቢሆን የሁለት ጉዞ ልዩነት ብቻ ስለሆነ ወጣቱን ቀይ ለመቀባት አይበቃም። አንድ ቀን የአንጋፋው ጎማ ቢፈነዳ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ይህን አሳየሁ፣ አስረዳሁ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ጥሩ ነው፣ ግን ፐርሰንቱን መልስልን፣ ይሄኛው ያምታታል።»

የገረመኝ ደግሞ አንጋፋውን ሳናግራቸው ሂሳቡን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። «ልጄ፣ እኔ በሰዓቱ በራቸው ላይ ነኝ፣ የሚያራግፈኝ ነው የጠፋው።» ድርጅቱ የሚመዘግበው ርክክብን ብቻ ነው፣ መድረስን አይደለም። ስለዚህ በር ላይ የጠፋው ሰዓት ሁሉ የሹፌሩ ዕዳ ሆኖ ይጻፋል።

«ደርሻለሁ» የሚል ሁለተኛ ቁልፍ እንዲጨመር አስደረግኩ። ርክክቡን ማታ ማታ ባንዴ ይጫኑ የነበሩት ሰዎች ይቺን በየደጁ መንካት ጀመሩ። ለምን አይነኩም? ለእነሱ የምትመሰክር ቁልፍ ናት! አሁን ጉዞውን ለብቻ፣ የበር ላይ ጥበቃውን ለብቻ ማየት ይቻላል። የመጋዘኑ መስመር መዘግየት አብዛኛው በር ላይ የሚጠፋ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የሚቀጥለው ስልክ መደወል ያለበት ለመጋዘኑ ነው፣ የማራገፊያ ሰዓት እንዲመድቡልን።

ማንም አልደወለም። መጋዘኑ ትልቁ ደንበኛ ነው፣ ማስቀየም አይፈለግም። ይልቅ ዛሬ ጠዋት መልእክት ደረሰኝ፦ «የበር ላይ ጥበቃ የሚለውን ግራፍ ደብቀው፣ የሹፌሮቹን ደረጃ ከላይ አድርገው፣ የወር ጉርሻ በእሱ እንከፍላለን።»