ሻዩን ማቆምም ለሐኪም ይነገራል

«እማዬ፣ የደም ማቅጠኛ እየወሰድሽ ያንን የዕፅዋት ሻይ መጠጣቱን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ለሐኪሙ መንገርም አያስፈልግሽም፤ ካቆምሽው ጉዳዩ አለቀ።»

ባሕር ማዶ የምትኖር ልጅ ለእናቷ የጻፈችውን ይህን ደብዳቤ ብዙዎች ሰሞኑን እየተቀባበሉ አወድሰውታል። ሥጋቷ መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ታትሞ የወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ የ70 ዓመት ሴት የካሞሚል ሻይና ቅባት አዘውትረው ከተጠቀሙ በኋላ የውስጥ ደም መፍሰስ እንደ ደረሰባቸው መዝግቧል። «ለሐኪሙ መንገር አያስፈልግሽም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ከሻዩ የማይተናነስ አደጋ ነው፤ ያወደሱት ሰዎች አንዳቸውም እንዴት እንዳላዩት አይገባኝም።

የዋርፋሪን መጠን የሚስተካከለው ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ በሚለካው የአይ.ኤን.አር ምርመራ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ታካሚዎች የሚፈለገው ውጤት ከ2 እስከ 3 ነው። ሐኪሙ ሻዩ መኖሩን ባያውቅም፣ መጠኑን የወሰነው ሻዩ ሰውነታቸው ውስጥ እያለ ነው። እናትየው በቀን ብዙ አረንጓዴ ሻይ ይጠጣሉ እንበል። በቅጠሉ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ ውጤታቸው 1.6 ይሆናል፤ ሐኪሙም ዕለታዊውን 5 ሚሊግራም ወደ 6 ከፍ ያደርግና ውጤቱ 2.4 ላይ ይረጋል። አሁን ሻዩ በደብዳቤ ትእዛዝ ተቋረጠ፤ 6 ሚሊግራሙ ግን እንዳለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላይሰማቸው ይችላል፤ ውጤቱ ቀስ በቀስ ከ3 አልፎ ሲወጣ ግን ድድ መድማት፣ ያልተመታ ቦታ መበለዝ፣ ሲብስም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ይከተላል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በተዘገበ ጉዳይ፣ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ገደማ አረንጓዴ ሻይ ይጠጣ የነበረ ሰው ውጤቱ ከ3.79 ወደ 1.37 ወርዶ፣ ሻዩን ሲተው ወደ 2.55 ተመልሷል። መጠኑ በመሃል ጨምሮለት ቢሆን ኖሮ የት ይደርስ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሻዩ የመድኃኒቱን ኃይል የሚያጎላ ዓይነት ከሆነና ሐኪሙም በዚያው ምክንያት መጠኑን ቀንሶ ከነበረ፣ ድንገት ማቆም ወደ ደም መርጋት ይወስዳል።

ደብዳቤው ግን የቅጠሉን ስም እንኳ አይጠይቅም፤ የመድኃኒቱንም አይጠይቅም። እንደ አፒክሳባን ያሉት አዳዲስ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች በአይ.ኤን.አር ስለማይመሩ፣ ለእነሱ ከሐኪሙ በቀር መላ የሚናገር የለም።

ልጅቱ መጻፍ የነበረባት፣ እናቷ የሻዩን ስም፣ በቀን የሚጠጡትን ስኒ ብዛትና ያቆሙበትን ቀን ለሐኪማቸው ነግረው በሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲመረመሩ፣ ውጤቱ እስኪረጋም ምርመራውን እንዲደጋግሙ ነበር። እስከዚያው የጠቆረ ሰገራ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከታየ፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።