መድረክ መሪ በሌለበት ራስን ማስተዋወቅ

«ጋሼ፣ አንድ የውጭ አገር ፌስቲቫል የሥራ ታሪኬን በእንግሊዝኛ፣ በ150 ቃላት ጽፌ እንድልክ ጠይቆኛል። ረቂቁን ያዩት ሁሉ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሳነበው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። ምኑን ላውጣ? ምኑን ልጨምር?»

ጠያቂዋ አገር ቤት የምትኖር ክራር ተጫዋች ናት። እኔ በምኖርበት አገር በአንድ አነስተኛ የሙዚቃ አዳራሽ የዝግጅት መግለጫዎችን ማሰናዳት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህም ምክንያት ከሁለቱም ወገን የሚጻፉ የሙዚቀኛ ታሪኮችን በብዛት አነባለሁ። የላከችልኝ ረቂቅ የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦ «ዝነኛዋና ተወዳጇ አርቲስት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለሙዚቃ ልዩ ፍቅር ነበራት። የ3,000 ዓመት ታሪክ ያለውን ክራር ለመጀመሪያ ጊዜ ከጃዝ ጋር በማዋሐድ፣ በታላላቅ መድረኮች ከታላላቅ ሙዚቀኞች ጋር ሥራዎቿን አቅርባለች።»

ይህ አጻጻፍ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በአገር ቤት ሙዚቀኛን የሚያስተዋውቀው መድረክ መሪ ነው። «ተወዳጇ»፣ «አንጋፋው»፣ «ባለ ወርቃማ ድምፁ» የሚሉት ቃላት ከሌላ ሰው አፍ ስለሚወጡ ያምራሉ፤ ተመልካቹም እዚያው ተቀምጦ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በጆሮው ስለሚመዝናቸው ቢጋነኑም ጉዳታቸው ትንሽ ነው። በውጭ አገር ግን ጽሑፉን መጀመሪያ የሚያየው የፌስቲቫሉ መራጭ ነው። እርሱ ገና አንድ ዜማ እንኳን አልሰማም፤ ጽሑፉ «እሷ» እያለ ቢተርክም የጻፈችው ራሷ መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ለመድረክ መሪ የተፈጠረው ውዳሴ ቦታውን ሲለቅ፣ በእኛ ዘንድ ነውር የሆነው ራስን ማወደስ ይሆናል። ልጅቷ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ የመሰላት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቃላቱ በእርግጥም የሌላ ሰው ናቸው።

የውጭዎቹም ጽሑፎች ከዚህ የነጹ አይደሉም። እነርሱ «ዝነኛ» አይሉም፤ በምትኩ ሥራቸው «ድንበር የሚሻገር»፣ «ጥንቱንና ዘመናዊውን የሚያገናኝ»፣ «የማንነትን ጥያቄ የሚመረምር» መሆኑን ይናገራሉ። ቃላቱ ጨዋ ስለሚመስሉ ብዙ ወጣት የአገራችን ልጆች እንደ አርአያ ይገለብጧቸዋል። ነገር ግን ከሃያ ሙዚቀኞች ታሪክ ላይ ስሞቹን ሸፍነን እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ብናለዋውጣቸው ማንም አይለይም፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደምንሰማም አይነግሩንም። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ይኸው ነው፤ ስሙ ቢቀየር የማይጎረብጠው ዓረፍተ ነገር ይወጣል። በዚህ መፈተኛ ከረቂቋ የተረፈው «ክራር» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስልክ ደውዬ ስለ ዝናዋ ሳይሆን ስለ እጆቿ ጠየቅኋት። ክራሯ ባለስድስት ክር መሆኑን፣ አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች እንደሚይዙ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ እንደሚደግም ነገረችኝ። ብቻዋን ስትዘፍን ክሮቹን በጣቷ አንድ በአንድ ትነካለች። ከሌላ መሣሪያ ጋር ስትሆን ግን በቀኝ እጇ በያዘችው መምቻ ሁሉንም ክሮች በአንድነት ትመታለች፤ የግራ እጇ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይይዛሉ፤ እንዲሰማ የምትፈልገውን ድምፅ የያዘውን ክር ደግሞ ጣቷን አንስታ ትለቀዋለች። ቀጥላ ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩትን ነገረችኝ። በአንዱ ሥራዋ መካከል ዘፈኑን ሳታቋርጥ የቅኝቱን ሦስተኛና አምስተኛ ድምፆች በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋ ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ትሻገራለች። ይህን የምታደርገው አድማጭ እያየና እየሰማ ነው፤ ክሩ ሲላላ የሚያሰማው የመንሸራተት ድምፅ የዜማው ክፍል እንዲሆን ትፈልጋለች። «ይህ በረቂቁ ውስጥ ለምን የለም?» ስላት «ይህማ ሥራዬ ነው፤ ታሪክ ነው ብዬ አላሰብኩም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ረቂቁ አባባሎች ተመለስን። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ሳያከራክር ወጣ። ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር ያዋሐደባቸውን ሥራዎች ኒውዮርክ ላይ ያሳተመው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለንደን ላይ የተመሠረተው ክራር ኮሌክቲቭ ደግሞ ክራርን በኤሌክትሪክ አጉልቶ ከከበሮ ጋር ይዞ በብዙ መድረኮች ተጫውቷል። የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚከታተል መራጭ ሁለቱንም ያውቃል፤ አንዱን ሐሰት ካገኘ ደግሞ ቀሪውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። «የ3,000 ዓመት» የሚለውም ወጣ። የመሣሪያው ዕድሜ የእርሷ ሥራ አይደለም፤ ከዚህም በላይ እንዲህ ያለው ቁጥር አንባቢው ዛሬ የምትጫወተውን ሰው ትቶ ሙዚየም እንዲያስብ ያደርገዋል።

«ከታላላቅ ሙዚቀኞች ጋር» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት፣ በአንድ ዝግጅት ላይ እነርሱ በተጫወቱበት ምሽት በሌላ ሰዓት መጫወቷ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ረገድ የአማርኛው «ከ… ጋር» በጣም አሳሳች ነው፤ አብሮ መድረክ መውጣትንም፣ አብሮ መቅዳትንም፣ በአንድ ቀን መገኘትንም እኩል ይሸፍናል። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን አንባቢው አብሮ መጫወትን ብቻ ይረዳል፤ ቅጂውንም ፈልጎ ያጣል። ያሳዘነኝ ሌላው ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ጋር እየተገናኘች ስትሠራ ኖራለች፤ የክራር አመታቷንም የቀየረው ይህ ልምምድ ነው። እርሱ ዝነኛ ስላልሆነ ስለ እርሱ አንድም ቃል አልጻፈችም ነበር። አብረዋቸው ያልተጫወተቻቸው ስሞች ገብተው፣ አብሯት የሠራው ሰው ተረስቶ ነበር።

ስለ ተጽዕኖ የጻፈችው ክፍል የአምስት ሙዚቀኞችን ስም የያዘ ዝርዝር ነበር። ዝርዝር ጣዕሟን ይነግረኛል እንጂ ሥራዋን አይነግረኝም። ለእያንዳንዱ ስም «ከእርሱ ምን ወሰድሽ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ለሦስቱ መልስ አልነበራትም፤ ወጡ። የተረፉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ክራር ያስተማሯት አጎቷ ሲሆኑ፣ እርሳቸውንም ሙያቸው ሙዚቃ ስላልሆነ ልትዘላቸው ነበር። ሁለተኛዋ በክራሯ ራሷን አጅባ በመዝፈን የምትታወቀው አስናቀች ወርቁ ናት። ከቅጂዎቿ የወሰደችውን ስትገልጽ «ስንኙ ሲያልቅ ዝም ብዬ ክራሩ ብቻውን እንዲናገር መተውን» አለችኝ። እዚህ ላይ የግሱ ጉዳይ አለ። ከአጎቷ «ተምራለች»፤ ከአስናቀች ግን በቅጂ ሰምታ «ወስዳለች» እንጂ አልተማረችም። ሁለቱን «ፈለጋቸውን የተከተለች» በሚል አንድ ሐረግ መጠቅለል ለሁለቱም ግፍ ነው።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ልጥቀስ። ረቂቁ አንድ ዝግጅትን «በ2008» ብሎ ነበር፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ እንዲሁ ቢላክ ዝግጅቱን ከተደረገበት ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስሟም ዳግመኛ ሲጠራ የአባቷ ስም ሳይሆን የራሷ እንዲሆን በግልጽ ካላሳሰበች፣ የውጭ አዘጋጆች የአባቷን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው መግለጫውን በሙሉ በአባቷ ስም ይጽፉታል። «አርቲስት» የሚለውን ማዕረግም ከስሟ ፊት አንስተነዋል፤ እዚያ ሙያን የሚገልጽ ቃል እንጂ መጠሪያ አይደለም።

ከዚህ በኋላ በአማርኛ የደረስንበት ጽሑፍ ይህ ነው፤ ስሟን በጥያቄዋ መሠረት ትቼዋለሁ።

«ክራር ተጫዋችና ድምፃዊት ናት። ብቻዋን ስትሆን ባለስድስት ክር ክራሯን በጣቷ እየነካች ትዘፍናለች፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር ስትሆን በመምቻ ትመታለች። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ጋር በየሳምንቱ ትሠራለች፤ በእነዚህ ሥራዎች ሳክስፎኑ ዜማውን ሲይዝ ክራሩ ምቱን ይይዛል። በአንዱ ሥራቸው መካከል ክራሯን አድማጭ ፊት እንደገና ቃኝታ ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ትሻገራለች። ክራር የተማረችው ከአጎቷ ነው። ከአስናቀች ወርቁ ቅጂዎች፣ ስንኝ ሲያልቅ ድምፅን አቁሞ ለክራሩ ቦታ መተውን ወስዳለች። እስካሁን አልበም አላሳተመችም፤ አሁን ከሳክስፎን ጋር የሠራቻቸውን አራት ዜማዎች እየቀዳች ነው።»

አማርኛችን በአንድ ቃል የሚለውን እንግሊዝኛው በሁለትና በሦስት ስለሚል፣ ይህ ሲተረጎም ከተፈቀደው ልክ ጋር ይቀራረባል። «አልበም አላሳተመችም» የሚለውን መጻፍ በጣም ከብዷት ነበር። እኔ በጽሑፉ ውስጥ እንዲቆይ የፈለግሁት መራጩ አልበም ፈልጎ ሲያጣ የተደበቀ ነገር እንዳለ እንዳይገምት፣ «እየቀዳች ነው» የሚለውም እውነተኛ ቦታውን እንዲያገኝ ነው። ሥራው ገና በቀረጻ ላይ መሆኑ ለብዙ አዘጋጆች መልካም ዜና ነው፤ የሚጋብዙት ምን ላይ ያለን ሰው እንደሆነ ያውቃሉ።

«አገር ቤት ብጠቀምበትስ?» ስትለኝ ግን አልመከርኳትም። እዚያ ይህን የመሰለ ቁጥብ ጽሑፍ የተሰጠው መድረክ መሪ፣ ስለ እርሷ የሚባል ነገር የጠፋ ወይም የሙዚቀኛዋ ሥራ ገና ያልተሳካ ሊመስለው ይችላል። ለእርሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለው ካርድ ይበቃዋል፤ ምን እንደምትጫወት፣ ከማን ጋር እንደምትጫወት፣ በዚያ ምሽት አድማጭ ምን እንዲያዳምጥ እንደምትፈልግ። «ተወዳጇ» ማለት ከፈለገ በራሱ አፍ ይበል፤ ቃሉ የእርሱ ነው።

በማግሥቱ ጽሑፉን አንድ ቃል ለውጣ መለሰችልኝ። «በየሳምንቱ» የሚለውን ሰርዛ «አብዛኛውን ጊዜ በየሳምንቱ» ብላዋለች፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ታምሞ ሁለት ወር ሳይገናኙ የቀሩበት ጊዜ ነበር። እንዳለ ተርጉሜ ላክሁት።