ኤቲኤሙ ግማሽ ታሪክ ነው

ባንኩ ለደንበኞች መልስ የሚሰጥ ቻትቦት ሊያስገባ ነው ሲባል ቴለሮቹ «ቻትቦቱ ከመጣ እኛስ ወዴት ነን?» ብለው ጠየቁ።

ሥራ አስኪያጁ በንግግራቸው «ኤቲኤም ሲመጣ መቼ ከሥራ ወጣችሁ?» ብለው መመለሳቸው እውነት አለው። ግን ግማሹን ነው የነገሯቸው። አሜሪካ ውስጥ ኤቲኤም ሲገባ አንድ ቅርንጫፍ የሚፈልገው ቴለር ቀነሰ። ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ ግን ባንኮቹ ብዙ ከፈቱ፤ ጠቅላላው የቴለር ቁጥር ለዓመታት አልወረደም። የሞባይል ባንኪንግ ሲስፋፋ ደግሞ ቅርንጫፍ መዝጋት ጀመሩ፣ ቴለሩም አብሮ ቀነሰ። ታዲያ ንግግሩ ስለ ቅርንጫፎቹ ለምን ዝም አለ?

ቦቱ ቀሪ ሂሳብ ይናገር፣ ደስ ይለናል። ብሩ ተቆርጦ ተቀባዩ ጋ ያልደረሰለት ሰው ግን «እባክዎ ይጠብቁ» ሲባል ቱግ ብሎ መስኮቱ ጋ ይመጣል። ያኔ ቴለሯ ግብይቱን ተከታትላ የማስመለስ ሥልጣን አላት? ሥልጠናውንስ መቼ ትወስዳለች? ኧረ እሱን ይንገሯቸው!