ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ካላችሁ

ከሁሉም ያናደደችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኳችሁ ካላችሁ፣ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ተናጋሪው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዩቲዩበር ነው። ባለፈው ሳምንት ቻናሉ መቶ ሺህ ሰብስክራይበር ሞላለትና እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ኬክ ተቆረጠ። በማግስቱ የምስጋና ንግግሩን ለቀቀ። 23 ደቂቃ ነው። በ23 ደቂቃ ውስጥ ፈጣሪን አመሰገነ፣ እናቱን አመሰገነ፣ ኤዲተሩን አመሰገነ፣ ማይክ ያዋሰውን ልጅ አመሰገነ። በስም ፋንታ ቁጥር የለጠፈ፣ በየቪዲዮው ሥር «አንደኛ ነኝ» ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ሳይቀር ተመሰገነ። እኔ ግን «ካላችሁ» ውስጥ ገባሁ።

ምን ማለት ነው «ካላችሁ»? አለሁ እንጂ! የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቪዲዮዎች የተቀረጹት በእኔ በረንዳ ላይ ነው። ቬንትሌተሩ ድምፅ ያበላሻል ተብሎ ጠፍቷል። በግንቦት፣ በድሬዳዋ፣ በእኩለ ቀን፣ ቬንትሌተር አጥፍቶ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ምን ዓይነት ባለውለታ እንደሆነ ድሬ ያልኖረ አይገባውም። ሸሚዜን ጨምቄ ነው ያሰጣሁት።

ነገሩ ያመመኝ አዲስ ስላልሆነ ነው። ድሮ አንድ ሰፈርተኛ ሴት ልጁን ሲድር 40 ወንበር አውሼዋለሁ። በሰርጉ ማታ የሙሽራዋ አጎት ማይክ ጨብጦ፣ ግማሽ ከተማውን በስም ጠርቶ ሲያበቃ፣ «በሞራልም ሆነ በቁሳቁስ የተባበራችሁንን ሁሉ» አለና ተቀመጠ። ቁሳቁሱ እኔ ነኝ። የተመለሱልኝ 37 ወንበሮች ናቸው። ሦስቱ ዛሬም ሰው ቤት ቡና ሲጠጣባቸው አያለሁ። እግራቸውን አውቀዋለሁ።

ወደ ንግግሩ ልመለስ። ልጁ መሀል ላይ ተረት ተናገረ። ተረቱ የምወደው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» እስከዚህ ድረስ እሰየው። ቀጥሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔ ዛሬ መቶ ሺህ ሎሚ አለኝ» አለ።

አቦ! ተረቱ እኮ ያለው ሌላ ነው! መቶ ሺህ ሎሚ ለአንድ ሰው ከሆነማ ሸክም ነው፣ ያውም የጭነት መኪና የሚፈልግ። ጌጥ የሚሆነው ሎሚዎቹን መቶ ሺህ ሰው ሲይዛቸው ነው። ይህን ተረት አያቴ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ ዘንቢሉን እያሸከመችኝ ትነግረኝ ነበር። ሸክሙ የእኔ፣ ተረቱ የእሷ። ያኔም አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ተረቱ ሃምሳው ሰው ሎሚውን ከያዘ በኋላ ምን እንዳደረገው አይነግረንም። አሸተተው? ጨመቀው? ወይስ ኪሱ ውስጥ ረስቶት አደረቀው?

የሰብስክራይበር ነገር እንደዚሁ ነው። ይህን የማውቀው ልጁ ራሱ ስልኩን ከፍቶ ስላሳየኝ ነው። ባለቻናሎች እኛ የማናየው የውስጥ ገጽ አላቸው፤ ስቱዲዮ ይሉታል። እኛ ከውጭ የምናየው ቁጥር የተጠጋጋ ነው። 99.9 ሺህ ላይ ይገተርና ድንገት 100 ሺህ ይላል። እሱ ግን እያንዳንዷን ነጠላ ሰው ያያታል። ያን ዕለት ማታ 99,996 ደርሶ ቤተሰቡ ሻማ ለኩሶ ሲጠብቅ፣ ቁጥሩ ወደ 99,991 ተመለሰ። ሰው ይወጣላ! ያስጠላው ይወጣል፤ ዩቲዩብም የተዘጉና የሐሰት አካውንቶችን ይቀንሳል። በድሬ ሙቀት ክሬም ኬክ ሰው አይጠብቅም። ቁጥሩ መልሶ እስኪሞላ ድረስ «100» የሚለው ጽሑፍ አንዱ ዜሮ ቀልጦ «10» ሆኗል። ሁላችንም አይተን እንዳላየን ሆንን።

ስቱዲዮው የሚያሳየው ሌላ ነገርም አለ፤ ሰብስክራይበሩ ከየትኛው ቪዲዮ እንደመጣ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ከተማው ሠርቷል። ስለ ባቡሩ ሠርቷል፣ ስለ ደቻቱ ጎርፍ ሠርቷል፣ ሽማግሌ ሁሉ ጠይቋል። ከመቶ ሺሁ ውስጥ 61 ሺሁ የመጡት ግን ከ38 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ባለባጃጁ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። ፍየል ገባችና የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሲያባርራት አልወርድም አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እነዚህ አጫጭር ቪዲዮዎች፣ ሾርት የሚሏቸው፣ በአውራ ጣት እየተገፉ ነው የሚታዩት። ሰው ፍየሏን አይቶ ይስቃል። ሰብስክራይብ የሚለው ቁልፍ እዚያው ጣቱ ሥር ነው። ይጫናል፣ ይገፋል፣ ይረሳል። በማግስቱ ልጁ የ20 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሲለቅ ያ ሰው ላያየውም ይችላል፤ ዩቲዩብ ለእያንዳንዱ የሚያቀርበው በቀደመው ልማዱ የሚወደውን መርጦ ነውና። ቢደርሰውም አይከፍተውም። እሱ የመጣው ለፍየል ነው፤ ሽማግሌ ማን ጠየቀ? ደወሏን ነክቶ ማስታወቂያ ይድረሰኝ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። መቶ ሺህ ሰው ያለው ቻናል የመጨረሻ ረጅም ቪዲዮውን ያየለት 5,800 ሰው ነው። ከእነሱ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሰብስክራይብ ያላደረገ መንገደኛ ነው። «ቤተሰቦቼ» እያለ ያለቀሰላቸው መቶ ሺዎቹ በአብዛኛው ቤት አልነበሩም።

ለቅሶውን ካነሳሁ አይቀር። 14ኛው ደቂቃ ላይ ስለ ሟች አባቱ ጀመረ። ድምፁ ተሰበረ። ዝም አለ። እኔም፣ ቅያሜዬ እንዳለ ሆኖ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በዚያች ቅጽበት አንዲት ሴት በሳሙና አረፋ መሀል እየዘለለች መጣች። ማስታወቂያ!

በበነጋው ያዝኩት። «በአባትህ ለቅሶ መሀል ሳሙና የምትሸጠው አንተ ነህ?» አልኩት።

«ሲስተሙ ነው ጋሼ፣ አታካብድ አቦ» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ ጋሼም ሆነህ አንተ ነህ።

ሲስተም! በዚህ አገር ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሲስተም ነው። ደሞዜን ልወስድ ሄጄ «ሲስተም የለም» ተብዬ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ሲስተሙ ሲመጣም ሰውዬው ራሱ ጫት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሰው ሲጠፋ ግን «ሰው የለም» የሚል ወረቀት አይለጠፍም።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ በዚህኛው አልዋሸም። ቪዲዮ ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲሆን መሀል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቀዳል። ቦታውን ባለቤቱ በእጁ ሊመርጥ ይችላል። ካልመረጠ ማሽኑ ራሱ ንግግሩ የተቋረጠበትን፣ ጸጥ ያለበትን ቦታ ፈልጎ ያስገባል። ልጁ ሳግ ይዞት ዝም ሲል፣ ማሽኑ «አሃ፣ እረፍት ነው» አለ። ከሰው ለቅሶ ውስጥ ለሳሙና የሚሆን ክፍተት አገኘ። ልጁ ቀድሞ ገብቶ ያችን ቦታ በእጁ ማንሳት ይችል ነበር። አላደረገውም። አሁንም አላነሳትም፤ ሳሙናዋ እዚያው አለች።

ከስምንት ደቂቃ በላይ እንዲሆን ማስረዘሙንስ እረዳለሁ፤ እንጀራው ነው። 23 ደቂቃ ግን የስግብግብነት ነው። ልጁ ስቱዲዮው ላይ ያሳየኝ መስመር አለ፣ ሰው እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደቆየ የሚናገር። ንግግሩ ሲጀምር ከላይ ነው። ገና «ውድ የቻናሌ ቤተሰቦች» ብሎ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ሰው ሄዷል። ከዚያ መስመሩ እንደ ደንገጎ ቁልቁለት ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጉብ ይላል። ሰው ወደኋላ መልሶ ያየው ቦታ ነው። ምን ይመስላችኋል? ፍየሏ በትዝታ መልክ ለሦስት ሰከንድ የታየችበት ነው። ለሷ ምስጋና አልቀረበም። እሷም «ካላችሁ» ውስጥ ናት።

ይኼን ሁሉ ቁጥር ይዞ ልጁ ምን ቃል ገባ? ቻናሉ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስቱዲዮ ይከፈታል። ሁለት ሶፋ፣ ሁለት ትልቅ ማይክ፣ «ከታላላቅ እንግዶች ጋር» ፖድካስት። ስለ ድሬ አንድ ቃል አልተናገረም፤ «የተነሳሁበትን አልረሳም» ካላት በቀር። የምትረሳው ነገር ባይኖር እንዲህ ባላልክ!

እዚህ ላይ በእውነት ተናደድኩ። ባቡሩ በፈረንጆች 1902 እዚህ ደርሶ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1917 ድረስ ዳክሯል። አሥራ አምስት ዓመት! በመሀሉ ነው ይህች ከተማ ከተማ የሆነችው። የእኛ ልጅ በአንዲት ፍየል ሊደርስ ነው። ደግሞም ያቺ ፍየል አዲስ አበባ የለችም። 61 ሺሁ ሰው የወደደው ከዚራ ጥላ ሥር ካርቶን በልታ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ባጃጅ ውስጥ የምትቀመጥ የድሬ ፍየልን ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ስኬት የሚያወራ ሰው አዲስ አበባ ሞልቷል፤ እርስ በርስ ነው የሚጠያየቁት። ይህን ነገርኩት። «ጋሼ፣ እድገት ነው» አለኝ። ዩቲዩብ መቶ ሺህ ለሞላ ቻናል ስለሚልከው የብር ሰሌዳ ሽልማት አወራኝ። መቶ ሺህ ስለሞላህ ብቻ እቤትህ አይመጣም፤ ቻናሉ ሕግ አለመጣሱ ይታያል፣ ከዚያ አድራሻ ይሞላል። አድራሻ የሚለው ላይ «ከዚራ፣ ከዋርካው ወደ ግራ» ብሎ ጽፎ ሲሰርዝ አየሁት። የማንን ቤት ምልክት እንደሚያደርግ ላስታውሰው ፈልጌ ተውኩት።

ትናንት እናቱ በአጥር በኩል ጠራችኝ። «አቦ ተቀየምክ አሉኝ! መጨረሻ ላይ እኮ ስምህን ጠርቷል። 21ኛው ደቂቃ ላይ፣ ቬንትሌተሩን ሳይቀር አንስቷል።»

እኔ ያቋረጥኩት 17ኛው ላይ ነበር። አሁን ከፍቼ እንዳላይ፣ እዚያ ደቂቃ ድረስ የሚቆይ ሰው ጥቂት ስለሆነ መልሼ መላልሼ ያየኋት ጉብታ ሆና ልትወጣ ነው። ነገ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ይህን ማን ነው ደጋግሞ ያየው?» ይለኛል።

በእህቴ ልጅ ስልክ ልየው እያሰብኩ ነው። እሷ ሌላ ሰፈር፣ ሳቢያን ነው የምትኖረው።